ከጅማ አጋሮ 150 ብር ልክ ነው? ሂሳቡን ከባዶው ወንበር እንጀምር

«ሰላም ጋሼ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው የምማረው፣ ቤተሰቦቼ አጋሮ ናቸው። አርብ ሄጄ እሑድ እመለሳለሁ። ሚኒባሱ 120 ብር ነበር፣ አሁን 150 አስገብተውታል። ሲጠየቁ ነዳጅ ከ100 ወደ 120 ገባ ይላሉ። እኔም አሰላሁት። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር፣ ነዳጁ 5 ሊትር፣ ሊትሩ 120፣ በጠቅላላው 600 ብር። ለ12 ሰው ሲካፈል 50 ብር። ታዲያ ሌላው 100 ብር የት ነው የሚገባው? ትክክለኛው ዋጋስ ስንት ነው?»

ሰላም እህቴ። ማስላትሽ ደስ ብሎኛል። አብዛኛው ሰው ተናዶ ይከፍላል፣ ሂሳቡን ግን አይሠራውም። እኔ በጅማ መስመሮች ላይ የራሴን ሚኒባስ ዓመታት አሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ የባለንብረቶችን ሂሳብ እይዛለሁ። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ሆኜ ልመልስልሽ እችላለሁ።

መጀመሪያ የጻፍሽው ላይ ትክክል የሆነውን ልንገርሽ። አምስት ሊትር ያልሽው ለአንድ ጉዞ ጥሩ ግምት ነው። በደንብ የተያዘ የናፍጣ ሃይስ በእንዲህ ያለ አስፋልት በሊትር 9 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል። 45ን ለ9 ስናካፍል 5 ሊትር ይመጣል።

ግን መሄድና መመለሱ እኩል አይደለም። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አጋሮ ደግሞ 1,560 አካባቢ። ሙሉ ጭነት የያዘ ሚኒባስ ወደ ሦስት ቶን ይጠጋል። ያንን ክብደት 220 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት ግማሽ ሊትር ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ይሄዳል። በመሃል ያለው ዳገትና ቁልቁለት ሳይቆጠር ነው ይሄ። ስለዚህ ሲሄድ 4 ሊትር ተኩል፣ ሲመለስ 5 ሊትር ተኩል ሊበላ ይችላል። አንድ ሹፌር «አጋሮ በ4 ሊትር ተኩል እገባለሁ» ቢልሽ እውነቱን ነው። ሌላው ደግሞ «5 ሊትር ተኩል ይበላኛል» ቢልሽ እሱም እውነቱን ነው። አንዱ የሄደበትን፣ አንዱ የተመለሰበትን ነው የሚያወራው። ለዚህ ነው የነዳጅ ልኬት ሁልጊዜ ደርሶ መልስ መሆን ያለበት። ጅማ ላይ ታንከሩን አፍ ድረስ መሙላት፣ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ፣ ደርሶ መልስ ሠርቶ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ማሽን ላይ እንደገና አፍ ድረስ መሙላት። ሁለተኛው ሙሊት ላይ የገባው ሊትር የተበላው ነው። አንድ ቀን አይበቃም፣ ሦስት አራት ቀን ይደገማል። የመኪናው ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ካልሠራ፣ ብዙዎቹ አይሠሩም፣ ርቀቱን ከስልክ ካርታ መውሰድ ይቻላል። ሊትሩንና ዋጋውን ለማወቅ ድሮ የሹፌሩን ማስታወሻ ማመን ነበር። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ግን ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሆነ ሁሉም ስልክ ላይ ተመዝግቦ ይቀራል። እኔ አሁን ሂሳብ ስሠራ የማየው ያንን ነው።

አሁን ወደ ስህተቱ። ያካፈልሽው ለ12 ነው። ለምን ለ12? አንቺ በተሳፈርሽበት ቀን 12 ሰው ስለነበረ ነው። እስቲ መቼ እንደምትሳፈሪ አስቢ። አርብ ከሰዓት ከጅማ ወደ አጋሮ። እሑድ ከሰዓት ከአጋሮ ወደ ጅማ። ሁለቱም ተማሪውና ሠራተኛው አንድ ላይ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። መኪናው ሁልጊዜ ሙሉ ነው የምታዪው። አርብ አንቺን አድርሶ የሚመለሰውን ሚኒባስ ግን አታዪውም። እሑድ አንቺን ለማምጣት ከጅማ የወጣውንም አታዪውም። ሙሉ መኪና 12 ምስክር አለው። ባዶ መኪና ከሹፌሩና ከረዳቱ በቀር ምስክር የለውም። በዚህ ምክንያት ተሳፋሪ ሲያሰላ ሁልጊዜ ሰው ያበዛል። ባለንብረት ሲያሰላ ደግሞ ያሳንሳል፣ ምክንያቱም የሚያስታውሰው ባዶ የተመለሰበትን ቀን ነው።

እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ጠዋት ጠዋት ከጅማ አውጥቼ እንዳደርስለት፣ ማታ እንድመልስለት ተዋዋልን። ዋጋውን በሙሉ ወንበር አሰላሁት። ጠዋት አድርሼ ስመለስ ሰው እጭናለሁ ብዬ ነበር። ጠዋት ወደዚያ አቅጣጫ ሁሉም ይሄዳል፣ ከዚያ ግን ወደ ጅማ የሚመጣ ብዙም አልነበረም። ለሁለት ወር ባዶ ተመለስኩ። በሦስተኛው ወር ጎማ መቀየር ሲመጣ ብሩ አልነበረም። ባዶ መኪናም ነዳጅ ይበላል። ከሙሉው የሚያንሰው በጥቂቱ ነው። ጎማውማ አንድ ነው፣ የሹፌሩ ቀንም አንድ ነው።

ስለዚህ ትክክለኛውን ሂሳብ የምንሠራው በአንድ ጉዞ ሳይሆን በአንድ ሙሉ ቀን ነው። ሚኒባሱ ጠዋት ከቤት ወጥቶ ማታ እስኪገባ ድረስ ያወጣውን ሁሉ እንደምራለን። በዚያ ቀን የከፈለውን ሰው ሁሉ እንቆጥራለን። ከዚያ እናካፍላለን። ነገሩ ይሄው ነው። እስቲ በቁጥር እንየው። የምጠቀምባቸው የመለዋወጫና የደመወዝ ዋጋዎች ለስሌት የያዝኳቸው ናቸው። አንቺ ስትሠሪ የሳምንቱን ዋጋ ጠይቀሽ ተኪያቸው፣ መንገዱ አይለወጥም።

ሚኒባሱ በቀን ሦስት ደርሶ መልስ ይሠራል እንበል። 90 ኪሎ ሜትር በሦስት 270 ነው። በዚያ ላይ ጠዋት ከቤት ወደ መናኸሪያ፣ ወደ ማደያ፣ ወደ እጥበት የሚሄደው አለ። 15 ኪሎ ሜትር እንጨምር። 285 ሆነ። ለ9 ስናካፍል 32 ሊትር ይጠጋል። አንቺ በያዝሽው 120 ብር ሲባዛ 3,840 ብር። የነዳጅ ዋጋ ከከተማ ከተማ እንደሚለያይም አትርሺ። ከጂቡቲ ተነሥቶ እስኪደርስ ያለው የማጓጓዣ ወጪ ይታከልበታል። ስለዚህ የአዲስ አበባውን ዋጋ ከዜና ሰምተሽ አትያዢ፣ ጅማ ማደያው ላይ ያለውን ውሰጂ።

ከነዳጅ ቀጥሎ መኪናው በሄደ ቁጥር የሚያልቀው ነገር አለ። ጎማ፣ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ። እዚህ ላይ ሹፌሮች ራሳቸው የሚስቱት ነገር አለ። ዛሬ ጎማ ስላልገዙ ዛሬ የጎማ ወጪ የለም ብለው ያስባሉ። ግን አራት ጎማ 64,000 ብር ቢሆንና 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፣ በየኪሎ ሜትሩ 1 ብር ከ60 ሳንቲም እየተበላ ነው። ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ሲቀየር 7,500 ብር ቢጠይቅ፣ በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ50 ነው። ፍሬኑ፣ ፍሪሲዮኑና የጋራዥ እጁ ተጠራቅሞ በኪሎ ሜትር 2 ብር ከ90 እንያዝለት። በድምሩ 6 ብር በኪሎ ሜትር። በ285 ሲባዛ 1,710 ብር በቀን።

ቀጥሎ ያለው መኪናው ቢሄድም ቢቆምም የሚወጣው ነው። ለሹፌር 700፣ ለረዳት 400። ለመናኸሪያ፣ ለተራ፣ ለእጥበት 300። ኢንሹራንስ፣ ዓመታዊ ምርመራ፣ ግብርና የማኅበር መዋጮ በዓመት 45,000 ብር ቢሆንና 300 የሥራ ቀን ብንይዝ፣ በቀን 150። አንድ ላይ 1,550 ብር።

የመጨረሻው መኪናው ራሱ ነው። 2.4 ሚሊዮን ብር የተገዛ መኪና ከ8 ዓመት በኋላ በግማሹ ቢሸጥ፣ በቀን 500 ብር አርጅቷል ማለት ነው። ባለቤቱ ያንን ገንዘብ ሌላ ቦታ ቢያደርገው ያገኝ የነበረው ትርፍም አለ። እሱን በቀን 600 ብር እንያዝ። 1,100 ብር ሆነ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ክርክር ይነሣብኛል። «በኛ አገር መኪና ዋጋው ይጨምራል እንጂ መች ይወርዳል?» ይሉኛል። በብር ሲታይ እውነት ነው። ግን አሮጌው ሲጨምር አዲሱም ጨምሯል። በስምንተኛው ዓመት አሮጌውን ሸጦ እንደ ድሮው ያለ መኪና መተካት የሚፈልግ ሰው ከኪሱ መጨመሩ አይቀርም። ያ ጭማሪ ነው በየቀኑ መቀመጥ ያለበት። ይህን የማያስቀምጥ ባለንብረት ለጊዜው በርካሽ ይጭናል። በኋላ ግን ፍሬኑ ያለቀ መኪና ይዞ መንገድ ላይ ይቀራል።

አሁን እንደምር። ነዳጅ 3,840፣ የሚያልቀው 1,710፣ የቀኑ 1,550፣ የመኪናው 1,100። የቀኑ ሙሉ ወጪ 8,200 ብር።

ሰውስ ስንት ነው? ሲሄድ ሁልጊዜ ሞልቶ ስለሚነሣ 12 እንያዝ። ሲመለስ በሳምንቱ አማካይ 8 ነው እንበል። አንዳንዱ ቀን ሞልቶ ይመጣል፣ አንዳንዱ ቀን አራት ሰው ይዞ ይመጣል። በአንድ ደርሶ መልስ 20 ሰው፣ በቀን 60 ሰው። 8,200 ለ60 ሲካፈል 137 ብር ይመጣል።

ከዚህ 137 ውስጥ የነዳጅ ድርሻ 64 ብር ነው። አንቺ 50 ያልሽው 64 የሆነው በመልሱ ባዶ ወንበርና በከተማ ውስጥ ዙረት ነው። የቀረው 73 ብር ከላይ በዘረዘርኩት ላይ ተከፋፍሏል። የጠየቅሽኝ 100 ብር አብዛኛው እዚያ ነው ያለው።

አሁን ወደ 150ው። ሊትሩ 100 ብር በነበረ ጊዜ በዚሁ ስሌት የነዳጁ ወጪ 3,200፣ ጠቅላላው 7,560፣ ለ60 ሰው 126 ብር ነበር። ማለትም 120 ስትከፍዪ የነበረው ትንሽ ዝቅ ያለ ዋጋ ነው። ነዳጅ 20 ብር ሲጨምር ስንት መጨመር ነበረበት? በቀን 32 ሊትር በ20 ብር 640 ብር ነው። ለ60 ሰው 11 ብር አይሞላም። ከ120 ብንነሣ 131 ነው። ከ126 ብንነሣ 137 ነው። እነሱ የጨመሩት ግን 30 ብር ነው።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። «ነዳጅ 20 በመቶ ጨመረ፣ ስለዚህ ታሪፍም 20 በመቶ ይጨምር» ሲባል ትክክል ይመስላል። ግን አይደለም። ነዳጁ ከጠቅላላው ወጪ ድርሻው ያኔ 42 በመቶ ነበር። 20 በመቶ የጨመረው ያ 42 በመቶ ብቻ ነው። ታሪፉ ሊጨምር የሚገባው ከ8 እስከ 9 በመቶ ነው። በእርግጥ ነዳጅ ሲጨምር ትንሽ ቆይቶ ዘይቱም፣ ጎማውም፣ የሹፌሩ ምሳም መጨመሩ አይቀርም። እሱ ሲመጣ ግን ራሱን ችሎ ተቆጥሮ ይግባ። ነዳጅ በጨመረ ማግስት በነዳጅ ስም አስቀድሞ መውሰድ ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ ፍርዴን ልንገርሽ። በዚህ ስሌት 130 እስከ 140 ብር ፍትሐዊ ነው። 150 ወደ 13 ብር በልጧል። በ12 ሰው እየጫኑ ከሆነ ይህ ብዝበዛ ነው አልልም፣ ግን በዝቷል። 15 ሰው እየጫኑ 150 ካስከፈሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲሄድ 15፣ ሲመለስ 9 ቢሆን በቀን 72 ሰው ነው። ወጪው በጭነቱ ምክንያት ወደ 8,300 ቢወጣ እንኳ፣ ለአንድ ሰው 115 ብር ነው የሚደርሰው። ታሪፍ የሚሠራው በሊብሬው ላይ በተጻፈው የሰው ልክ ነው። ከዚያ በላይ ትርፍ የሚጭን መኪና የጭማሪ ታሪፍ የመጠየቅ መብት የለውም። አንቺ ጉልበትሽ ላይ የሌላ ሰው ሻንጣ ተቀምጦ፣ አደጋ ቢመጣ ማን እንደሚጠየቅ ሳይታወቅ፣ በዚያ ላይ የባዶ ወንበሩን ዋጋ መክፈል የለብሽም። ባዶ ወንበር የለማ።

ሹፌሩንም ላስታውስሽ። ብዙ ሹፌሮች ደመወዝተኛ አይደሉም። ለባለንብረቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባሉ፣ ነዳጁን ይሞላሉ፣ የተረፈው የእነሱ ነው። መልሱ ባዶ በሆነ ቀን የሚጎዳው ባለንብረቱ ሳይሆን ሹፌሩ ነው። በረንዳ ላይ የተቀመጠው ባለመኪና ገቢው አይጎድልበትም። ትርፍ ሰው የመጫኑ ግፊት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ስለዚህ ክርክርሽ ከሹፌሩ ጋር ብቻ ከሆነ ግማሹን ሰው ነው ያገኘሽው።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው ነገር ይሄ ነው። ሁሉም ሰው ስለ ነዳጅ ነው የሚያወራው። በስሌቱ ውስጥ ግን ዋጋውን በጣም የሚያንቀሳቅሰው ወንበሩ ነው። ሊትሩ በ20 ብር ሲጨምር የአንድ ሰው ድርሻ በ11 ብር ጨመረ። አሁን ነዳጁን ተዪውና በየጉዞው በአማካይ አንድ ሰው ይጉደል። በቀን 60 የነበረው 54 ይሆናል። 8,200 ለ54 ሲካፈል 152 ብር። አንድ ባዶ ወንበር ብቻ 15 ብር አመጣ። ከነዳጁ ጭማሪ ይበልጣል። መልሱ ሁልጊዜ ሙሉ ቢሆን ደግሞ 72 ሰው ይሆንና ዋጋው 114 ይወርዳል። መልሱ በአማካይ 4 ሰው ብቻ ቢሆን 171 ይደርሳል። መኪናው ያው፣ መንገዱ ያው፣ ነዳጁ ያው።

ከወንበር ቀጥሎ የሚመጣው የምልልሱ ብዛት ነው። መስመሩ ላይ መኪና ሲበዛ ተራ ይረዝማል። ሹፌሩ ሦስት ደርሶ መልስ ይሠራ የነበረው ሁለት ብቻ ይሠራል። እስቲ እናስላው። 195 ኪሎ ሜትር፣ ነዳጁ 2,600 ብር፣ የሚያልቀው 1,170፣ የቀኑና የመኪናው ወጪ ግን ሳይቀንስ 2,650። ድምሩ 6,420። ለ40 ሰው 160 ብር ከ50። አየሽው? ማንም ምንም ሳይሰርቅ ዋጋው ከ150 አለፈ። የነዳጅ ሰልፍም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ማደያ ላይ ግማሽ ቀን የተሰለፈ ሚኒባስ አንድ ምልልስ አጥቷል። ስለዚህ «ነዳጅ ነው ያስጨመረን» ሲሉሽ፣ «የሊትሩ ዋጋ ነው ወይስ ሰልፉ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱ የተለያየ ነው። የሊትሩ ዋጋ ከሆነ 11 ብር ነው። ሰልፉ ከሆነና በሳምንት ሦስት አራት ቀን አንድ ምልልስ እያሳጣቸው ከሆነ 150 አይገርምም። ሰልፉ ሲያልቅ ግን መውረድ አለበት። የማይወርድበት ምክንያት ስሌቱ ውስጥ የለም።

በጠርሙስና በጀሪካን ከመንገድ ዳር የተገዛ ነዳጅስ? አንድ ሹፌር ሊትሩን በ180 ገዝቶ ቢሞላ በቀን 1,920 ብር ይጨምርበታል። ለአንድ ሰው 32 ብር ነው። እኔ በዚህ ዋጋ ታሪፍ ይሠራ አልልም። አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ከማደያ የቀዳውም ያልቀዳውም እኩል ያስከፍላል። በቴሌብር የከፈለበትን የሚያሳይ ሹፌር የማደያ ዋጋ ነው የሚታሰብለት።

ሌላም ተሳፋሪው ሊሸከመው የማይገባ ወጪ አለ። የተበላሸ መኪና ነው። አንድ ጊዜ የኔ ሚኒባስ በሊትር 9 ይሄድ የነበረው 7 ገባ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። «እርጅና ነው፣ ምንም አይደለም» ብለው መለሱኝ። እኔም አምኜ ሦስት ወር ነዳሁት። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር፣ ጠዋት ለመነሣት ይቸገር ነበር። በኋላ ሌላ መካኒክ ሲያየው የነዳጅ መርጫዎቹ ተበላሽተው ናፍጣውን በትኖ በመርጨት ፋንታ ያንጠባጥቡ ነበር። በዛሬው ስሌት ብናየው 285 ኪሎ ሜትር በሊትር 7 ከሆነ 41 ሊትር ይጠጋል። በቀን ከ1,000 ብር በላይ፣ ለአንድ ሰው 18 ብር። ፍትሐዊ ታሪፍ የሚሠራው በደህና መኪና ፍጆታ ነው። ከኋላው ጥቁር ጭስ የሚተፋ ሚኒባስ «ነዳጅ ይበላኛል» ካለሽ እውነቱን ነው፣ ግን መፍትሔው ያለው ጋራዥ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማም፣ የሚይዝ ፍሬንም እንዲሁ ይበላል። ሲቆም አንደኛው ጎማ አካባቢ ትኩስ የተቃጠለ ሽታ ከሸተተሽ ፍሬኑ እየያዘ ነው፣ ለሹፌሩ ንገሪው።

መሃል መንገድ ስለሚወርድ ሰው በአጭሩ። ግማሽ መንገድ የሚሄድ ሰው ግማሽ ዋጋ ነው የምከፍለው ይላል። ወንበሩን ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ከያዘው ልክ ነው። ካልያዘው ወንበሩ እስከ አጋሮ ባዶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ መክፈል ያለ ነገር ነው። ሙሉውን ማስከፈል ግን፣ በተለይ መንገድ ላይ ሌላ ሰው እየጫኑ፣ ሁለት ጊዜ መሸጥ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ይህን ዋጋ በኪሎ ሜትር ብታደርጊው 137 ለ45፣ 3 ብር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ይዘሽ ከሌላ የአስፋልት መስመር ጋር ማወዳደር ትችያለሽ። ጅማ ከተማ ውስጥ ላለው ታክሲና ባጃጅ ግን አይሠራም። ከመርካቶ ኪቶ ፉርዲሳ የሚሄድ መኪና ብዙ ጊዜውን የሚያጠፋው ቆሞ ሰው በመጥራትና በማውረድ ነው። ኪሎ ሜትሩ ጥቂት፣ ሰዓቱ ብዙ ነው። እዚያ በኪሎ ሜትር ብታሰዪ ዋጋው በጣም ያንስብሻል። ወደ ጠጠር መንገድ ለሚወጡ መስመሮችም እንዲሁ፣ የጎማውና የባሌስትራው 6 ብር እዚያ አይበቃም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? የኔ ስሌት ላይ በጣም የሚያጠራጥረው ቁጥር የመልሱ 8 ሰው ነው። እሱን አንቺና ጓደኞችሽ ልታጣሩት ትችላላችሁ። ከአጋሮ የሚመጡት ሚኒባሶች ጅማ መናኸሪያ ሲገቡ የሚወርደውን ሰው ቁጠሩ። አርብና እሑድ ብቻ ሳይሆን ማክሰኞና ረቡዕም። የገበያ ቀንና ተራ ቀን ለየብቻ ጻፉ። ለእያንዳንዱ መኪና ከቻላችሁ የገባበትንና መልሶ የወጣበትን ሰዓት ያዙ፣ ከእሱ በቀን ስንት ምልልስ እንደሚሠራ ይታወቃል። ወቅቱንም ጻፉ። በቡና ለቀማ ጊዜ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ወደ አጋሮም ከአጋሮም ሰው ይበዛል። በክረምት ደግሞ ይቀንሳል። በአንድ ወቅት የተቆጠረ ለዓመት አይሠራም።

ከዚያ መናኸሪያው ላይ የተለጠፈውን ታሪፍ ፎቶ አንሺ። የተፈቀደው ከ150 በታች ከሆነና እነሱ 150 ካስከፈሉ፣ የታርጋ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይዘሽ ለተራ አስከባሪው፣ ካልሰማሽ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ማመልከት ትችያለሽ። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ስሌትም አይፈልግም። የተለጠፈው ራሱ 150 ከሆነ ግን «በዛብን» ብቻ ብትይ አይሰሙሽም። «የመልሱ ጭነት በአማካይ ይህን ያህል ነው፣ በቀን ይህን ያህል ምልልስ ይሠራሉ፣ በዚህ ሲሰላ ይህን ያህል ይመጣል» ብለሽ ወረቀት ካስቀመጥሽ ግን የሚያወራሽ ሰው ታገኛለሽ። እኔም ባለንብረቶችን ወክዬ ስብሰባ ላይ ስቀመጥ የምፈራው እንደዚህ ያለውን ወረቀት ነው፣ መመለስ ያለብኝ በቁጥር ስለሆነ።

ቆጠራችሁ ላይ የመልሱ አማካይ 10 ከሆነ በቀን 66 ሰው ነው፣ ዋጋው 124 ይወርዳል። 6 ከሆነ 54 ሰው ነው፣ 152 ይሆናል፣ ያኔ እነሱ ልክ ናቸው።